ለሚብለጨለጨው ግድግዳ ሞዴል ሠሪዎችን አትውቀሱ

«ዴፕዝ በፈሩን ወደ 32 ቢት ፍሎት አሳድገነዋል፤ ፋር ፕሌኑንም ከ5 ኪሎ ሜትር ወደ 1 ኪሎ ሜትር አሳጥረነዋል። አሁንም የሚታየው ብልጭልጭታ የሞዴሉ ጉድለት ስለሆነ ሞዴል ሠሪዎቹ ምልክቶቹን ከግድግዳው አርቀው እንደገና ይሥሯቸው።»

ይህን ውሳኔ ሰሞኑን ያስተላለፉት የአንድ ባለ ሦስት አውታር የከተማ ማሳያ ፕሮጀክት የቴክኒክ ኃላፊ ናቸው። በሕንፃው ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ምልክቶች ከግድግዳው በ3 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብለው በትክክል ተሠርተዋል፤ ካሜራው 100 ሜትር ያህል ሲርቅ ግን ከግድግዳው ጋር እየተፈራረቁ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። የካሜራው ኒር ፕሌን፣ ማለትም ከዚያ ወዲህ ያለ ነገር የማይሳልበት የቅርቡ ወሰን፣ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቀምጧል። ኃላፊው ያልነኩት ቁጥር ይህ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ ያለውም እዚሁ ቁጥር ላይ ነው።

በመጀመሪያ የፋር ፕሌኑን፣ ማለትም ከዚያ ወዲያ ያለ ነገር የማይሳልበትን የሩቁን ወሰን ነገር እናንሣ፤ ከቀረቡት ምክንያቶች ሁሉ ደካማው እርሱ ነውና። ዴፕዝ በፈር፣ ማለትም በየፒክስሉ የሚታየው ነገር ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያዝበት ማኅደር፣ ርቀትን በሜትር አይመዘግብም። የሚመዘግበው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ሲሆን፣ ፋር ፕሌኑ በጣም ሩቅ ሲሆን ቀመሩ ወደዚህ ይጠጋል፦

```
d = 1 - n/z
```

እዚህ ላይ n ኒር ፕሌኑ፣ z ደግሞ ከካሜራው ያለው ርቀት ነው። ፋር ፕሌኑ በቀመሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሙሉውን ቀመር ወስደን ብናሰላው እንኳ፣ ከ5 ኪሎ ሜትር ወደ 1 ኪሎ ሜትር መውረዱ በ100 ሜትር ላይ ያለውን ትክክለኛነት የሚለውጠው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ባነሰ መጠን ነው። የከተማው አራት ኪሎ ሜትር ዕይታ ተቆርጦ የተጣለው ለዚህች ኢምንት ትርፍ ነው።

ኒር ፕሌኑ ግን ሁሉን ይወስናል። n 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ካሉት የጥልቀት ቁጥሮች ግማሹ ከካሜራው 2 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ያልቃል፤ 1 ሜትር ላይ ስንደርስ ደግሞ 99 በመቶው አልቋል። ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ ከተማው ዳርቻ ያለው መንገድና ሕንፃ ሁሉ የቀረችውን 1 በመቶ ይካፈላል። በ24 ቢት ዴፕዝ በፈር ላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው እውነተኛ ርቀት በግምት z²/(n·2^24) ነው። 100 ሜትርንና 1 ሴንቲ ሜትርን ብናስገባበት 6 ሴንቲ ሜትር ይሰጠናል። በ3 ሴንቲ ሜትር የተለያዩ ሁለት ገጾች በ6 ሴንቲ ሜትር እርከን ሲለኩ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃሉ፤ የትኛው ከፊት እንደሚታይ የሚወስነው የስሌቱ ማጠጋጊያ ስሕተት ይሆናል፤ ያም ከፒክስል ወደ ፒክስል፣ ካሜራው በተነቃነቀ ቁጥርም ይለዋወጣል። ዚ-ፋይቲንግ የሚባለው ይኸው ነው። ሞዴል ሠሪው በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳች ድርሻ የለውም።

አሁን ወደ 32 ቢቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነውና። ፍሎት ቁጥር ትክክለኛነቱን በእኩል አያከፋፍልም፤ ወደ 0 ሲጠጋ እርከኖቹ እጅግ ይደቅቃሉ፣ ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ ይሰፋሉ። ከ0.5 እስከ 1 ባለው ክፍል ውስጥ የ32 ቢት ፍሎት እርከን በትክክል 2^-24 ነው። የ24 ቢቱ ሙሉ ቁጥር እርከንም በተግባር ያው ነው! በዚህ ፕሮጀክት ደግሞ ከ2 ሴንቲ ሜትር የራቀ ነገር ሁሉ የሚወድቀው ከ0.5 እስከ 1 ባለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ከተማው በሙሉ ከጭማሪው 8 ቢት ያገኘው ጥቅም የለም። ፍሎቱ ያለውን ደቃቅ እርከን ሁሉ የደረደረው ከካሜራው አፍንጫ ሥር ነው፤ በዚያ ደግሞ የቀመሩ ቁጥሮች ከበቂ በላይ ተከማችተዋል። ይህን «አሳድገነዋል» ብሎ መጥራት ስሌቱን ሳይሠሩ መናገር ነው።

መድኃኒቱ ጥልቀቱን መገልበጥ ነው። የቅርቡ 1፣ የሩቁ 0 እንዲሆን ሲደረግ ቀመሩ d = n/z ይሆናል፤ ርቀት ሲጨምር ቁጥሩ ወደ 0 ይወርዳል፤ ፍሎቱም የሚደቅቀው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ የአንዱ መሳሳት በሌላው መደቀቅ ይካካሳል። ያው ምልክት፣ ያው 100 ሜትር፣ ያው 1 ሴንቲ ሜትር ኒር ፕሌን ይሁን፤ d 0.0001 ይሆናል፤ እዚያ ላይ የፍሎቱ እርከን 2^-37 ሲሆን በእውነተኛ ርቀት ሲመነዘር ከሚሊ ሜትር መቶኛ ያንሳል። 6 ሴንቲ ሜትር የነበረው ማለት ነው። ዩጂን ላፒዶስና ጉዎፋንግ ጂያዎ የዚህን ሐሳብ መሠረት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ አዲስ ነገር ነው የሚል ሰበብ አይሠራም።

ኦፕን ጂኤል በተባለው የግራፊክስ ላይብረሪ ሥራው ከእነዚህ መስመሮች ብዙም አይበልጥም፦

```
glClipControl(GL_LOWER_LEFT, GL_ZERO_TO_ONE);
glClearDepth(0.0);
glDepthFunc(GL_GREATER);
```

በዚህ ላይ ከ0 እስከ 1 ላለው ጥልቀት በተዘጋጀው ፕሮጀክሽን ማትሪክስ ውስጥ n እና ፋር ፕሌኑ f ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ዴፕዝ በፈሩም GL_DEPTH_COMPONENT32F ይሆናል። የመጀመሪያው መስመር ሊታለፍ አይገባም፤ ኦፕን ጂኤል በነባሪው ከ-1 እስከ 1 ስለሚሠራ፣ ወደ 0 እና 1 ሲቀይር የሚደምረው ግማሽ ወደ 0 የተጠጉትን ደቃቅ እርከኖች ሁሉ ያጠፋቸዋል። ትእዛዙ ከስሪት 4.5 ጀምሮ የኦፕን ጂኤል አካል ነው። ባለ 24 ቢቱን ሙሉ ቁጥር መገልበጥም ዋጋ የለውም፤ እርከኖቹ እኩል ስለሆኑ ቢገለበጡም ያው ናቸው።

«ሼደሮቻችን ይበላሻሉ» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ ጥልቀትን የሚያነቡ ሼደሮች፣ ማለትም በግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚሄዱ ፕሮግራሞች፣ ሰማዩን 1 ላይ የሚስሉ ክፍሎችና ጥልቀትን በጥቂቱ የሚገፋው የዴፕዝ ባያስ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት መስተካከል አለባቸው። ጎዶት የተባለው የጌም ኤንጂን እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 4.3 ስሪቱ ይህን ለውጥ ሲያደርግ የተጠቃሚዎቹ ሼደሮች እንደሚነኩ እያወቀ አድርጎታል። አንሪል ኤንጂን የሚሠራው በተገለበጠ ጥልቀት ነው። የአንድ ፕሮግራመርን ጥቂት ሥራ ለማዳን ሞዴል ሠሪዎች የከተማን ምልክት ሁሉ እንደገና እንዲለጥፉ ማዘዝ ፍትሕ የለውም።

መገልበጡ ለጊዜው የማይቻል ቢሆን እንኳ ኒር ፕሌኑን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ማንሣት ይቻላል፤ የ6 ሴንቲ ሜትሩ እርከን 6 ሚሊ ሜትር ይሆንና ምልክቱ ይረጋል። ዋጋው ካሜራው ግድግዳ ሲጠጋ ወደ ውስጥ ማየቱ ነው፤ ይህም የሚከለከለው የካሜራውን የግጭት ክበብ ከኒር ፕሌኑ ማዕዘን ርቀት በማስበለጥ ነው። በ90 ዲግሪ አግድም ዕይታና በ16 ለ 9 ስክሪን ማዕዘኑ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚገኝ የ20 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ይበቃል።

የምቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለት ገጾች ፍጹም አንድ ቦታ ላይ ከተደራረቡ የትኛውም ዴፕዝ በፈር አይለያቸውም፤ ያኔ ጥፋቱ በእርግጥ የሞዴሉ ነው። ይህን ለመለየት ኒር ፕሌኑን ለጊዜው 1 ሜትር አድርጎ ያንኑ ግድግዳ ከ100 ሜትር ማየት ይበቃል። ብልጭልጭታው ከጠፋ ችግሩ የትክክለኛነት ነው፤ ከቀጠለ የተደራረበ ገጽ ይፈለግ። ኃላፊው ይህን ሙከራ አድርገው ውጤቱን ለሞዴል ሠሪዎቹ እስኪያሳዩ ድረስ ትእዛዛቸውን ማንሣት አለባቸው።