«የድሮው ቴሌቪዥንም ጨለማ ነበር» ለሚሉኝ ሁሉ

ፒያሳ አካባቢ የድሮ ጌሞችን በኢሙሌተር የሚያጫውት አንድ ቤት አለ። ስክሪኖቹ ላይ የምስሉን መልክ የሚቀይር crt-pi የተባለ ትንሽ ፕሮግራም፣ ማለትም ሼደር፣ ተከፍቶ የባለቱቦ ቴሌቪዥን አግድም መስመሮች ይታያሉ፤ ነገር ግን ምስሉ ከመጨለሙ የተነሣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጠላት ከየት እንደሚመጣ እንኳ አይለይም። ቅሬታ ሲቀርብ መልሱ «የድሮው ቴሌቪዥንም እንዲህ ነበር» የሚል ነው።

አልነበረም! በቱቦው ውስጥ ምስሉን የሚስለው የኤሌክትሮን ጨረር ደማቁን ስፍራ ሲስል ይወፍራል፣ ደብዛዛውን ሲስል ይቀጥናል፤ ስለዚህ በነጭ ሰማይ ላይ መስመሮቹ ለመገናኘት ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ይህ ሼደር ግን በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚፈጥረው ከምስሉ ብርሃን ላይ በመቀነስ ነው።

የቤቱ ስክሪኖች 768 መስመር ያላቸው ሲሆኑ ጌሙ 224 መስመር አለው። ምስሉን በሙሉ ቁጥር እጥፍ ብቻ የሚያሳድገው Integer Scale ሲበራ እያንዳንዱ የጌም መስመር በትክክል 3 የስክሪን መስመር ይይዛል፤ ካልበራ ግን አንዱ 3፣ ሌላው 4 እየሆነ ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ወፍራም ጥላዎች ይንሸራተቱበታል። ሼደሩ እንደመጣ ሲተው መካከለኛው መስመር ከመጀመሪያው ብርሃን 1.4 እጥፍ ገደማ ይሰጠዋል፣ የላይኛውና የታችኛው ግን 0.58 ያህል ብቻ ይደርሳቸዋል። አማካዩ 0.86 አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ የቱቦውን የቀለም ነጠብጣብ የሚያስመስለው ማስክ ተጨማሪ ብርሃን ይወስዳል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን መድኃኒት ተብሎ የሚደረገው ነው። የቤቱ ልጆች የመስመሮቹን ሁሉ ብርሃን የሚያባዛውን BLOOM_FACTOR የሚለውን ቁጥር ከ1.5 ወደ ላይ ይገፉታል። የነጩ ቀለም መካከለኛ መስመር ቀድሞውኑ ስክሪኑ ሊያሳየው ከሚችለው ጣሪያ በላይ ስለሆነ የሚጨመርለት ብርሃን አይታይም፤ ደመናው ውስጥ የነበረው ስስ የቀለም ልዩነት ግን ጠፍቶ አንድ ነጭ ጉድፍ ይሆናል። መነካት የነበረበት ክፍተቱ ራሱ ነው፦

```
SCANLINE_WEIGHT = "4.0"
MASK_BRIGHTNESS = "0.90"
```

የመጀመሪያው ከ6.0 ወደ 4.0 ሲወርድ የጎኖቹ መስመሮች ድርሻ ከ0.58 ወደ 0.78 ከፍ ይላል፤ አማካዩም ወደ 1 ይጠጋል፤ ማለትም መካከለኛ ድምቀት ያለው ቀለም የነበረውን ብርሃን መልሶ ያገኛል። ሁለተኛው ከ0.70 ሲነሣ ማስኩ የሚወስደው ብርሃን ይቀንሳል፤ እንዲህ ባለ ጥቂት መስመር ባለው ስክሪን ላይ ማስኩ ቀድሞውንም ቱቦ ስለማይመስል የሚቀርብን ነገር የለም። እርግጥ ነው፣ ንጹሕ ነጭ ከጣሪያው ማለፍ ስለማይችል አሁንም ጥቂት ይጎድለዋል፤ ያንን የሚክሰው ሼደሩ ሳይሆን የስክሪኑ የራሱ የብርሃን መጠን ነው። መስመሮቹም ትንሽ ይለሰልሳሉ፤ ቢሆንም ከመደበኛ ርቀት በደንብ ይታያሉ።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ቁጥሮቹን ራሳቸው አስተካክለው ምስሉ ሲፈካ በዓይናቸው አይተዋል። ለውጡን ለዚያ ጌም የሚያስቀምጠውን Save Game Preset የሚለውን ሳይጫኑ ጌሙን ስለዘጉት ግን በማግስቱ ስሄድ 6.0 ተመልሶ ጠበቀኝ፤ አስተናጋጁም «ትናንት እኮ ተስተካክሎ ነበር» አለኝ።