ማስተካከያ፦ የዱቄት ዱቤ መክፈያ ቀንና የመዘግየት ወለድ

«30 ቀኑ የሚቆጠረው ደረሰኝ ከተቆረጠበት ቀን ነው? ወለዱስ በጠቅላላ ሂሳቡ ላይ ነው?»

ለድሬዳዋ የዱቤ ደንበኞች ቀደም ሲል የወጣው ማስታወቂያ በዚህ መልኩ ተስተካክሏል። ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ ዱቄቱ መጋዘን ሊያድር ስለሚችል፣ የ30 ቀኑ የዱቤ ጊዜ የሚቆጠረው ደንበኛው የማስረከቢያ ሰነዱን ከፈረመበት ማግስት ጀምሮ ነው። ወለዱም የሚታሰበው ባልተከፈለው ቀሪ ላይ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሳቢያን ያለ ዳቦ ቤት ከ100,000 ብር ዱቄት 60,000 ብሩን በጊዜው ከፍሎ ቀሪውን 15 ቀን ቢያዘገይ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በዓመት 9 በመቶ መሠረት የሚጨመርበት 148 ብር ገደማ ነው። ይህ ገንዘብ ትንሽ በመሆኑ ብቻውን የሚያዘገይን ደንበኛ አያስቸኩልም፤ በእኛ እምነት የቆየው ቀሪ ሳይዘጋ አዲስ ዱቤ አለመስጠት ይሻላል። ከፍ ያለ የወለድ ተመን የሚፈልግ ሻጭም ዕቃው ከመጫኑ በፊት በውል ማስፈረም ይኖርበታል።