ደብተሩ ወይስ ካዝናው?

የድርጅቱ ባለቤት ጥያቄ፦ «ገላን ውስጥ 14 ሠራተኞች ያሉት የግንባታ ዕቃ ማከፋፈያ አለን። የይለፍ ቃሎቻችን በሙሉ በሒሳብ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ባለ ደብተር ተጽፈዋል። ባለፈው ወር አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ለቀቀ። ወደ ኮምፒውተር ካዝና እንዛወር ወይስ ደብተሩ ይበቃናል?»

ሰናይት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ

እንዛወር። ደብተሩን ቆጥሬዋለሁ፤ 31 የይለፍ ቃል አለው፤ የትኛውን ማን እንዳየው ግን አንድም ገጽ አይናገርም። ሠራተኛው የለቀቀ ዕለት «የትኞቹን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ «መሳቢያው አይቆለፍም፤ ሁሉንም ሊያውቅ ይችላል» የሚል ነበር። ስለዚህ ወይ 31ዱንም መቀየር ነበረብን፣ ወይ አይቶ እንዳላየ ማለፍ። ያደረግነው ሁለተኛውን ነው።

እኔ የማውቀው ቢትዋርደን የተባለውን የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ነው። ድርጅቱ አንድ ካዝና ይከፍታል፤ በውስጡ ለሽያጭ፣ ለሒሳብና ለመጋዘን ለየብቻ ክፍል ይበጃል። ሽያጭ የራሱን ክፍል ብቻ ያያል፤ የመጋዘኑ ሰው ያያል እንጂ አይለውጥም። ሰው ሲለቅ ከስሙ አጠገብ ፈቃዱን የሚነሣውን Revoke የሚለውን መጫን ነው፤ ነገሩ አለቀ።

ጋሽ ታደሰ፣ የሒሳብ ኃላፊ

«ነገሩ አለቀ» ትለናለች ልጄ። ስንት ዓመት ሒሳብ ስይዝ በአንድ ጣት ያለቀ ነገር አላጋጠመኝም።

የዚያ ሠራተኛ ጉዳይ ከተነሣ ልንገራችሁ። በለቀቀበት ምሽት የሽያጩን የኢሜይል ይለፍ ቃል የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ደንበኞች ዋጋ በጠየቁን ቁጥር እርሱ ቀድሞን መልስ ይሰጥ ነበር። እንዴት? ሳይለቅ በፊት የሚገባው ደብዳቤ ሁሉ ወደ ራሱ አድራሻ እንዲተላለፍ አድርጎ ሄዷል። የይለፍ ቃል መቀየር ያንን አይነካውም። Forwarding and POP/IMAP ከሚለው ገጽ ውስጥ አግኝቼ ያጠፋሁት ማንም ሳያግዘኝ ነው። እስቲ ያ Revoke የሚባለው ይህን ያጠፋው ነበር?

ሰው ያየውን ይይዛል፤ ካዝናው ሲዘጋበት የያዘው ከጭንቅላቱ አይወጣም። ደግሞስ ገላን ናት፤ መብራት በጠፋ ቀን ደብተሬ ይከፈታል፣ ካዝናዋስ?

ሰናይት

የመብራቱ ጉዳይ ቀላል ነው። ቢትዋርደን የካዝናውን ቅጂ ቆልፎ በስልክ ላይ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ለማንበብ ይከፈታል።

የኢሜይሉን ማስተላለፊያ በማግኘትዎ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ነገር ግን ጋሼ፣ ያንን ያገኙት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የሚመረመሩ ነገሮች ዝርዝር ስላልነበረን። ዝርዝሩን ደብተርዎ አልሰጠንም።

ጋሽ ታደሰ

ጥሩ፣ ቅጂው በስልክ ላይ ይቀመጣል አለች። ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል አለች። እንግዲህ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁምና ታስረዳኝ፦ የለቀቀው ሰው Revoke ከመደረጉ በፊት ስልኩን ከኢንተርኔት ቢያለያየውስ? የእርሱም ቅጂ ይከፈታል ማለት አይደለም? ታዲያ በምን ጣት ነው የሚያልቀው?

እኔ ደብተሬን ከመሳቢያ ባወጣው ቢያንስ ሁለተኛ ቅጂ በሰው ኪስ እንደሌለ አውቃለሁ።

ሰናይት

አያውቁም። የደብተር ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ ለዚህ ኢንተርኔትም መብራትም አያስፈልግም።

ስለ ስልኩ ያሉት እውነት ነው፤ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር እስኪገናኝ ድረስ መከልከሉ አይደርሰውም። «ነገሩ አለቀ» ማለት አልነበረብኝም፤ ከዚህ በላይ ይህቺን ቃል ሲመነዝሩ ባይውሉ ደስ ይለኛል። የይለፍ ቃሉን ደብቆ ማስጠቀም የሚባል ፈቃድ እንኳ አለ፤ እርሱም ቢሆን ትንሽ ለሚያውቅ ሰው አይደብቅም። ስለዚህ ያየውን ሁሉ እንዳወቀው አድርገን ነው የምንቆጥረው።

እኔ ክፍል ክፍል ይሁን የምለው ለመደበቅ አይደለም፤ በሚለቅበት ቀን የሚቀየረውን ለማሳጠር ነው። 31ዱን መድቤ አይቻለሁ፤ ለሽያጭ የሚያስፈልጉት ስድስት ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ ጭራሽ የጋራ መሆን አይገባቸውም። የፌስቡክ ገጻችን ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ፈቃድ ይሰጣል፣ የዋጋ ማውጫው ሶፍትዌርም እንደዚሁ። እነዚያ ከካዝናው ይውጡና የሰውዬው ስም ይሰረዝ። አራት ይቀራሉ።

አራቱን በቅደም ተከተል እንሠራለን። መጀመሪያ Revoke፤ እኛ ስንቀይር አዲሱ ቃል ወደ ስልኩ እንዳይሄድ። ከዚያ እያንዳንዱን የይለፍ ቃል መቀየር። ከዚያ ከየስልኩና ከየኮምፒውተሩ ክፍት የቀረውን ሁሉ ማስወጣት፤ ቃሉ ቢቀየርም ክፍት የሚቆይ አለና። ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ የሚጠይቅ ካለ ማጥፋትና እንደገና ማስጀመር፤ ኮዱ መጀመሪያ ሲበራ የሚታየውን የQR ምስል በስልኩ ላስገባ ሰው የይለፍ ቃሉ ቢቀየርም ኮዱ መምጣቱን አያቆምም። መጨረሻ ላይ ማስተላለፊያውንና መልሶ ማግኛ ተብሎ የተመዘገበውን ስልክ ማየት። አራቱ ግማሽ ቀን አይሞሉም። 31 ቢሆኑ ግን ባለፈው ወር እንዳደረግነው እንተወዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር። የደብተሩ ሦስተኛ ገጽ ላይ የባንክ ክፍያ የሚያዘጋጀውም የሚያጸድቀውም ሰው የይለፍ ቃል ጎን ለጎን ተጽፏል። ባንኩ ሁለት ሰው የጠየቀው በከንቱ አይደለም። እነዚያ በካዝና ውስጥም መግባት የለባቸውም፤ የየሰዉ የግሉ ናቸው።

ጋሽ ታደሰ

«እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» ካለች ይበቃኛል፤ ሌላ አልጠየቅሁም።

አሁን ደግሞ ካዝናው ራሱ ይጠየቅ። ዋናው የይለፍ ቃል የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ቢረሳው፣ ወይም እግዜር አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆን፣ ማን ይከፍተዋል? የሚሸጠው ኩባንያ ያውቀዋል? ወር በመጣ ቁጥር በዶላር የሚከፈለውስ ከየት ይመጣል? ደብተር ግን ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በብር ይገዛል።

ሰናይት

ኩባንያው አያውቀውም፤ ሊከፍተውም አይችልም። ስለዚህ በካዝናው ውስጥ ባለቤት የሚባለው ሰው ሁለት መሆን አለበት፤ የሁለቱም ዋና ቃል በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ በብረት ካዝና ይቀመጥ። ነፃው አገልግሎት ለሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ አይበቃንም፤ የዶላሩን ነገር ባለቤቱ ይወስኑ። በራሳችን ኮምፒውተር የሚጫን ነፃ አማራጭም አለ፤ ግን እርሱን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ከሆንኩ ደግሞ እኔም አንድ ቀን እለቃለሁ።

ጋሽ ታደሰ

ወረቀት! ከመጀመሪያው የነገርኳት ይህንኑ አልነበረም? ዞራ ዞራ ወረቀቱ ዘንድ ደረሰች። ፖስታውን እኔ እይዛለሁ።

ሰናይት

ይያዙ፤ ሁለተኛው ባለቤትም እርስዎ ይሁኑ። ሦስተኛውን ገጽ ግን አንዴ ጠቅሼው አለፉት፤ ይኸው ሁለተኛው።

ደግሞም የቴሌግራም ቻናላችን ባለቤት የእርስዎ የግል ሲም ነው። የካዝናው ክፍሎች ምንም ያህል ቢደረደሩ፣ ቻናሉ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል። በድርጅቱ ሲም ወደሚከፈት አካውንት ያዛውሩልን። ቴሌግራም ከማዛወሩ በፊት Two-Step Verification የሚባለው ሁለተኛ የይለፍ ቃል ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድሞ በርቶ መቆየቱን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዛሬ ያብሩት።

ጋሽ ታደሰ

ሲሙን በገንዘቤ ገዝቼ፣ በስሜና በመታወቂያዬ አስመዝግቤ፣ ቻናሉን ማንም ሳያስታውሰው የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ «ጋሼ ይክፈቱልን» ነበር፤ ዛሬ እንደ ለቀቀው ልጅ በዝርዝር ውስጥ ገባሁ። እኔ የምለቅ ሰው ነኝ እንዴ?

ባለቤቱ በአፉ ይጠይቀኝ። የማበራውን አበራለሁ፤ ሰባት ቀኑ ካለፈ በኋላ እንነጋገራለን።