ምስጋና ለፊደል «ተ»

የመሥሪያ ቤት አማርኛን የሚያንቋሽሹ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አንድ ሙሉ ቢሮ በአንዲት ፊደል ከጥያቄ የሚተርፍበት ቋንቋ ይዘን ምን ጎደለን? «ቆፈረ» ሲባል ቆፋሪ አለ፤ ስም ያለው፣ ደመወዝ የሚበላ፣ ተጠርቶ የሚጠየቅ ሰው። «ተቆፈረ» ሲባል ግን ሰውዬው ብድግ ብሎ ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ብቻ ይቀራል።

ስለ ጉድጓድ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰፈራችን መንገድ መሐል አንድ አለ፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ አቁሮ ከርሟል። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ስለሱ የተነበበልንን ሪፖርት ብትሰሙ ታጨበጭቡ ነበር፦ «መንገዱ ለቧንቧ ዝርጋታ እንዲቆፈር ተደርጓል። ሳይደፈን መቅረቱ ተገምግሟል። በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲደፈን አቅጣጫ ተቀምጧል።»

ይህ ተራ ጽሑፍ አይደለም። አድራጊውን ለመሸሸግ «ተቆፍሯል» ብቻውን ይበቃ ነበር። ጸሐፊው ግን ጠንቃቃ ነውና «እንዲቆፈር ተደርጓል» አለ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሰው ተሰወረ፤ የቆፈረውም፣ እንዲቆፈር ያዘዘውም። «ሳይደፈን መቅረቱ» ደግሞ የበለጠ ይደነቃል። «ቀረ» አድራጊውን ለመሸሸግ «ተ» እንኳ አያስፈልገውም፤ ጉድጓዱ በራሱ ፈቃድ አልደፈንም ያለ ይመስላል። የተገመገመውም መቅረቱ ነው እንጂ ያስቀረው ሰው አይደለም።

ከኋላ አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «በማን ነው የተቆፈረው?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አማርኛ ለተደራጊ ግስ አድራጊውን ማስገቢያ «በ» ሰጥቶታል፤ «በሌባ ተሰረቀ» እንላለን። ግን ይህቺው «በ» መሣሪያም ታስገባለች፤ «በቢላ ተቆረጠ» እንላለን። ሰብሳቢው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ፈገግ ብሎ «በኤክስካቫተር» አለ። ከሰዋስው አንጻር አንድ እንከን የለውም።

«ተ» ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ አትውልም፤ የምትጠራበትን ቀን ታውቃለች። መንገዱ አስፋልት ለብሶ ሪባን የሚቆረጥ ዕለት «ክቡር ኃላፊው መንገዱን መርቀው ከፈቱ» ይባላል። «ተመረቀ» ቢባል እንኳ «በክቡር እከሌ» ሳይባል አይታለፍም፤ ያን ቀን ኤክስካቫተሩን የሚያነሣው የለም።

አሁን ደግሞ «ሁልጊዜ በአድራጊ ግስ ጻፉ» የሚሉ አስተማሪዎች ተነሥተውብናል። እነዚህ ሰዎች ወጥ ሲሠራ አይተው አያውቁም። አክስቴን የዶሮ ወጥ አሠራር ጠይቋት፦ «ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ውሃ ይጨመራል።» ይህን ወደ «ሽንኩርቱን አቁላላለሁ፣ በርበሬውን አስገባለሁ» ብትለውጡት ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን የምትሰጥ ይመስላል። እዚህ ሠሪው ማን እንደሆነ ጠያቂ የለም፤ ማንኪያውን የያዘ ነው። የግቢ በር ላይ «ቤት ይከራያል» ተብሎ ይለጠፋል እንጂ «እኔ ቤት አከራያለሁ» ብሎ የሚለጥፍ ቢኖር ተከራዩ ይደነግጣል። «ሱቁ ሌሊት ተዘረፈ» ስንልም ዘራፊውን ለመደበቅ አይደለም፤ ስለማናውቀው ነው። «ያልታወቁ ሰዎች ዘረፉት» ማለት አለማወቃችንን በሁለት ቃል ማስረዘም ነው። «ራሴን አመመኝ» ለሚል ሰውም «ማን?» ብሎ የሚመልስለት የለም።

ልዩነቱ ይህቺው «ማን?» ናት። ወጡ ላይ አትነሣም፤ ጉድጓዱ ላይ አፍ ላይ ትመጣለች። የቢሯችን ባለሙያዎች ግን የአክስቴን ሰዋስው ወስደው ለጉድጓድ አዋሉት፤ እንዲህ ያለ የቴክኖሎጂ ሽግግር የት አገር ይገኛል?

እኔም ከዚህ ጥበብ መቋደስ አማረኝ። ወሩ አልቆ አከራዬ እትዬ በሬን ሲያንኳኩ ረጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ ኪራዩ ሳይከፈል መቅረቱ ተገምግሟል። በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲከፈል አቅጣጫ ተቀምጧል» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ «ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ። «የቆጣሪህም መብራት እንዲቋረጥ ተደርጓል። በማን እንደሆነ እየተጣራ ነው።»