ሠላሳ ሳይሞላው «ሠላሳ ሞልቶሃል» የተባለው ወንድሜ

ይህን ሳልናገር ብቀር አንጀቴ አይርስም።

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ጁን 20 ቀን 1994 ነው። ያመለከተበት የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ «ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ዕድሜው ከ30 ዓመት በታች የሆነ» ይላል። የሚዘጋው ጁን 15 ቀን 2024 ነበር። ሠላሳ ሊሞላው አምስት ቀን ይቀረዋል ማለት ነው። የመጣለት መልስ ግን «ዕድሜዎ 30 ስለሆነ አያሟሉም» የሚል ነው!

ጠይቀን፣ ተመላልሰን፣ በመጨረሻ ዕድሜውን ያሰሉበትን የኤክሴል ቀመር አሳዩን።

```
=(B2-A2)/365
```

በቃ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል 10,953 ቀን አለ። ለ365 ስታካፍሉት 30.008 ይመጣል። ግን ዓመት ሁሉ 365 ቀን አይደለም። ከ1996 እስከ 2024 ድረስ ባለ 366 ቀን የሆኑ ስምንት ዓመታት አሉ። እነዚያ ስምንት ትርፍ ቀናት የቀሩትን አምስት ቀን ዋጡበት። ለ365.25 ቢያካፍሉትም 29.99 ገደማ ይመጣል፤ ያንን አጠጋግቶ 30 የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ዕድሜ በማካፈል አይቆጠርም። ከመዝጊያው ቀን በፊት ያለፈውን የመጨረሻ ልደት ፈልጉ። የእሱ ጁን 20 ቀን 2023 ነው፤ 29 ሞላው። ከዚያ እስከ ሜይ 20 አስራ አንድ ወር። ከዚያ እስከ ጁን 15 ሃያ ስድስት ቀን። 29 ዓመት ከ11 ወር ከ26 ቀን፣ አለቀ። በኤክሴል ከሆነም ይኸው፦

```
=DATEDIF(A2,B2,"Y")
```

29 ይላል።

ሌላው የሚያናድደኝ የማስታወቂያዎቹ አጻጻፍ ነው። «ከ30 በታች» ሲሉ ግልጽ ነው፣ በልደትህ ቀን ወጣህ። «ከ30 ያልበለጠ» ሲሉስ? ሠላሳ ዓመት ከአራት ወር የሆነው ሰው በልጧል ወይስ አልበለጠም? በሞላ ዓመት ከተቆጠረ ገና 30 ነው፤ 31 እስኪሞላው ይገባል። ወር የሚቆጥር ሰው እጅ ከገባ ግን ይወድቃል። አንዳንዱ ደግሞ ቀኑን ጨርሶ አይጽፍም። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ነው? ፈተናው የሚሰጥበት? ትምህርቱ የሚጀመርበት? በእነዚህ መካከል ስንት ወር አለ እኮ! ጽፋችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት።

የጃፓን መንግሥት የሜክስት ስኮላርሺፕ ይህን እንዴት እንደሚጽፍ እዩ። ለ2025 የምርምር ተማሪዎች «ኤፕሪል 2 ቀን 1990 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ» ብሎ አስቀመጠው። በጃፓን ሕግ ዕድሜ የሚሞላው በልደት ዋዜማ ስለሆነ ነው ኤፕሪል 2 የሆነው። አመልካቹ ግን ያንን ሕግ ማወቅ አያስፈልገውም። የልደት ቀኑን ያያል፣ ይገባል ወይም አይገባም።

ወንድሜን በመጨረሻ «ልክ ነህ፣ ግን ምርጫው አልቋል» አሉት። በሚቀጥለው ዙር 30 አልፎታል። አንድ የልደት ቀን መጻፍ ይህን ያህል ከብዷቸው ነው?