«በአባትህ ስም አድርገው» ያላችሁ ሁሉ፣ ኑና ስልኩን አንሱላቸው

ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣ የመኪና ኢንሹራንስ ምክር የሚያድል ሰው ከዛሬ ጀምሮ ባገኝ ብርጭቆውን ከእጁ ነው የምቀማው። የምሬን ነው። ጋሼ ዛሬ የሆኑትን ያየ ሰው አይፈርድብኝም።

አንዱ ተነሥቶ ለጋሼና ለልጃቸው «ልጁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ በሱ ስም ካደረጋችሁት በዋጋ ይገድሏችኋል፣ በአባትየው ስም አድርጉና እሱን ጨምሩት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። ሁሉም! ይኼ «ሁሉም» የሚባለው ሰውዬ ለንደን ውስጥ ያላስከሰረው አበሻ የለም። መካሪው ዛሬ ሲደወልለት ስልኩ ጠፍቷል።

ልጁ ተጋጭቶ ከኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ሲደወል፣ ጋሼ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ትሑት ናት፤ ድምፅዋ ማር ነው። እኔ ኢንሹራንስ ሥራዬ ስለሆነ ማሩን ስሰማ ነው ሆዴ የፈራው። የካሳ ክፍል ሰው ሲቆጣ ችግር የለም፣ ሲያባብል ነው ክፋቱ።

«መኪናውን በብዛት የሚነዳው ማን ነው?»
«እኔ።»
«በስንት ቀን አንዴ?»
«በየቀኑ!»
«ጥሩ። ሥራ በምን ይሄዳሉ?»
«በባቡር።»

ዝም አለች። ስትጽፍ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማል። ቀጠለች።

«ማታ የት ነው የሚያድረው?»
«ዌምብሊ፣ ደጃችን ላይ።»
«አደጋው የደረሰው ሌስተር ነው። ልጅዎ እዚያ ነው የሚማረው?»
«አዎ፣ ልጠይቀው ሄጄ…»
«እርስዎ ነበሩ የሚነዱት?»
«አይ፣ እሱ ነው። እኔ ዌምብሊ ነበርኩ።»
«ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»
«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

እንግዲህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለታቸው ነው፣ በኛ አቆጣጠር። በእንግሊዝኛ ግን ቃል በቃል አሏት። የሌላኛው መኪና ሹፌር ሪፖርት 8:30 ይላል። ሴትዮዋ «ከሰዓት በኋላ ነው ወይስ ሌሊት?» ስትል ጋሼ «ጠዋት!» ብለው ተቆጡ። ለኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ተብሎ በመዝገብ «እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል» ተጽፎባቸዋል። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ።

ከዚያ የመጨረሻዋን ጣለችው፦ «የነዳጅ መክፈቻው በየት በኩል ነው?» በቃ። ጋሼ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ልጁን አዩ፤ ልጁ ጫማውን እያየ ነው። «በ… ቀኝ» አሉ። በግራ ነው። በየቀኑ የሚነዱት መኪና!

ፍሮንቲንግ የሚባለው ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በእውነት መኪናውን የሚነዳው ወጣቱ ሆኖ ሳለ፣ ክፍያው እንዲረክስ ዕድሜና ልምድ ያለውን ሰው ዋና ሹፌር ብሎ ማስመዝገብ። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ማጭበርበር ነው። «ብልጠት» አይደለም።

ደግሞ ለምንድነው ወጣት የሚወደድበት ብላችሁ አትማረሩ፣ ቂም ይዘውበት አይደለም። አዲስ ሹፌር መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ አብዝቶ ይጋጫል፤ በተለይ ማታና ጓደኞቹን ሲጭን ይብስበታል። ኩባንያውን የሚያስፈራው የተጨራመተ ፓራውልት እንዳይመስላችሁ። በሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ጣሪያ የለውም፤ አንድ ልጅ ሽባ ከሆነ የዕድሜ ልክ እንክብካቤውን ነው የሚከፍለው። ዕድሜና ልምድ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሰው የሚያምታታው ይሄንን ነው። አዲስ አበባ ላይ ዐሥራ አምስት ዓመት ታክሲ የነዳ የአርባ ዓመት ሰው እዚህ ሲመጣ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዱ 12 ወር ብቻ ነው የሚነዳው፤ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ከሚለወጥላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፣ ከዚያ በኋላ ፕሮቪዥናል የሚባለውን የተለማማጅ ፈቃድ አውጥቶ እንደ ልጅ ይፈተናል። ፎርሙ ላይ «የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ከያዝክ ስንት ዓመት?» ሲለው «ዜሮ» ነው መልሱ። የቦሌ መንገድ ላይ ያሳለፈው መከራ አይቆጠርለትም። ይሄ እኔንም ያናድደኛል፤ ግን ደንቡ ይሄ ነው። ሴት ልጅ ይረክስላታል የሚለው ወሬም ከ2012 ታኅሣሥ ወዲህ እውነት አይደለም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ፍርድ ቤት ጾታን ለዋጋ እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ዐሥር ዓመት አልፎታል፣ ወሬው ግን እስካሁን ሻይ ይጠጣል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሁለተኛ ሹፌር ማስጨመር ኃጢአት አይደለም! ይኼን በትልቁ ጻፉልኝ። መኪናው የልጁ ከሆነ ልጁን ዋና ሹፌር አድርጉት፤ እናቱ በእውነት አልፎ አልፎ ቅዳሜ ለገበያ የምትወስደው ከሆነ እሷን ጨምሩ። ኩባንያው ከጉዞው የተወሰነውን የምትነዳው ልምድ ያላት ሰው ናት ብሎ ስለሚያስብ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። ንጹሕ ነው። ግን ቅጣት ያለበትን አጎት ብትጨምሩ ይወደዳል እንጂ አይረክስም፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋውን እሱን ጨምራችሁም ትታችሁም እዩት። የአባትየው መኪና ከሆነና ልጁ ዕረፍት ሲመጣ ብቻ የሚነዳው ከሆነ ደግሞ አባት ዋና፣ ልጅ ተጨማሪ። ይሄም ንጹሕ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ በሳምንት ውስጥ መሪውን የሚጨብጠው በብዛት ማን ነው? ሊብሬው በማን ስም ነው፣ ብሩን ማን ከፈለ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። መኪናውን አባት ገዝቶ፣ ክፍያውንም አባት ከፍሎ፣ ልጁ ዋና ሹፌር ተብሎ መመዝገብ ይችላል። ይሄንን ማንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም አይረክስም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ ያመጣሁት። ልጁ ዋና ሲሆን በዓመት 2,100 ፓውንድ፣ አባት ዋና ሲሆን 900። አተረፍን ተብሎ 1,200 ፓውንድ ኪስ ገባ። ከዚያ 7,000 ፓውንድ የሚያወጣው መኪና ተጨፈለቀ። በ2012 የወጣው የሸማች ኢንሹራንስ ሕግ ሁለት መንገድ አለው። ስሕተቱ የቸልተኝነት ነው ከተባለ፣ የከፈልከውን ያህል በመጠኑ ይሰጡሃል፤ ከ2,100 ውስጥ 900 ነው የከፈልከው፣ ስለዚህ ከ7,000ው 3,000 ይደርስሃል። ሆን ተብሎ ነው ከተባለ ግን ውሉን ከሥሩ ያፈርሱታል፤ ለመኪናህ ሳንቲም የለም፣ የከፈልከውንም 900 መመለስ አይገደዱም። «በየቀኑ እነዳለሁ» ብሎ የነዳጅ መክፈቻውን ያላወቀ ሰው ከየትኛው ጎራ እንደሚመደብ ለእናንተ ልተው።

«ለሌላኛው ሰውዬስ?» አትሉም? እሱ ይከፈለዋል፣ የመንገድ ትራፊክ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ከፍለው ግን ዝም አይሉም፣ ወደ እናንተ ዞረው ገንዘቡን ሊጠይቁ ይችላሉ። የሰውዬው መኪና፣ የአንገት ሕመሙ፣ የተከራየው ምትክ መኪና፣ ጠበቃው። ጋሼ ላይ ይኼ ገና አልመጣም። አልነገርኳቸውም፣ ዛሬ አቅም የለኝም።

ልጁ ደግሞ አለ። ያለ ኢንሹራንስ ነድተሃል ተብሎ ከተያዘ፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚጣለው ቅጣት 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው። መንጃ ፈቃድ ባወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ የደረሰበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ታግዶ አይደለም፣ ይሰረዛል። ፕሮቪዥናል፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የመንዳት ፈተና፣ ከሀ። ያውም የፈተና ቀጠሮ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚለመን የሞከረው ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ፎርሙ «ውል ፈርሶብህ ያውቃል?» ይለዋል፤ አባትየውንም ይጠይቃቸዋል። አዎ ያለ ሰው ብዙዎቹ ኩባንያዎች በር ይዘጉበታል፣ የከፈቱለትም እጥፍ ድርብ ያስከፍሉታል።

ባይያዝስ? ባይያዝም ኪሳራ ነው፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ያለ ካሳ ጥያቄ ያለፈ ዓመት የሚያመጣው ቅናሽ የሚጠራቀመው በውሉ ባለቤት ስም ነው። ልጁ ሦስት ዓመት በሰላም ነድቶ በሃያ ሁለት ዓመቱ የራሱን ሲያወጣ አብዛኞቹ ዘንድ ቅናሹ ዜሮ ነው። ሲጋጭ ግን የሚወርደው የአባትየው ቅናሽ ነው። ማለት ጥሩውን አባት ይወስዳል፣ መጥፎውን አባት ይሸከማል፣ ልጁ ባዶ እጁን ይወጣል።

አይታወቅብንም የምትሉ ደግሞ አላችሁ። የዩኒቨርሲቲው የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ በልጁ ስም ነው። ኢንስታግራሙ ላይ «የኔ ቆንጆ» ብሎ ከመኪናው ጋር የተነሣው ፎቶ አለ። ሰርቪስ ያስደረገው እዚያው ሌስተር ነው፣ ደረሰኙ የሱ ስም። ውሉን ሲሸጡላችሁ ይኼን አያጣሩም፣ ብራችሁን ይቀበላሉ፤ የሚያጣሩት ስትጋጩ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጋችሁ የምትነዱ ካላችሁ፣ አደጋ ሳይደርስ ዛሬውኑ ደውላችሁ «ዋና ሹፌሩን ማስተካከል እፈልጋለሁ፣ መኪናውም የሚያድረው እዚህ ነው» በሉ። ልዩነቱን ያስከፍሏችኋል፣ ለማስተካከያም ጥቂት ይጨምራሉ። ያማል። አነዳዱን የሚመዘግብ ጥቁር ሳጥን ያለበትን ውልም ጠይቁ፣ በዝግታ ለሚነዳ ልጅ ሊረክስ ይችላል። በየወሩ ስትከፍሉ ብዙ ጊዜ ወለድ እንዳለውም አትርሱ።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ሻይ ቀዳሁላቸው። በሰላም ተረድተዋል፣ ተምረዋል ብዬ ልቤ ሲረጋጋ፣ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፦

«እና የኔ ልጅ፣ በእናቱ ስም ብናደርገውስ?»