ግፊቱ ሲወጣ ስለ ማስታገሻውም ይጠየቅ

«ጉንፋን ይዞኛል፤ አፍንጫዬ ተዘግቶ እንቅልፍ ነስቶኛል። የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁና የትኛው ኪኒን ነው የማይጎዳኝ?»

ከጥቅምት ጀምሮ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲበረታ መድኃኒት ቤት ለምንሠራ ሰዎች ይህ የዘወትር ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፦ ፓራሲታሞል ብቻ ያለበት ተራ ኪኒን፣ ለአፍንጫ ደግሞ የጨው ውሃ። እኔ ግን ከዚህ የሚያልፍ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። የግፊት ሕመምተኞቻችንን ይበልጥ የሚጎዳቸው ሁሉም የሚፈራው የአፍንጫ መድኃኒት ሳይሆን ማንም የማይጠረጥረው ማስታገሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ስለ ማስታገሻ መጠየቅ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

በመጀመሪያ የሚፈራውን እንይ። አፍንጫ የሚዘጋው ውስጡ ያሉት ደም ሥሮች ሲያብጡ ነው። ሱዶኤፌድሪን የተባለው መድኃኒት እነዚህን ያጠብና አፍንጫውን ይከፍታል። ነገር ግን ኪኒኑ አፍንጫ ላይ ብቻ አይሠራም፤ በመላ ሰውነት ያሉትን ደም ሥሮች ያጠባል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል። በአማካይ ሲታይ የሚያመጣው የግፊት ጭማሪ ትንሽ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ከአማካዩ በጣም ይርቃል፣ ማን ላይ እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ስትሮክ መቶት የሚያውቅ ሰው ባይነካው ይሻላል። ፌኒሌፍሪን የሚባለውን ደግሞ ለመውሰድ ምክንያት የለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን መርምረው፣ በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ እንደማይከፍት በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል። አፍንጫ ውስጥ የሚደረጉት ጠብታዎች፣ ማለትም ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን፣ ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ነው። ሆኖም ከጥቂት ቀናት በላይ ከተጠቀሙባቸው አፍንጫው መልሶ ይዘጋል፣ ሰውየውም ያለ ጠብታ መተንፈስ ያቅተዋል። ግፊት ያለበት ሰው ባለሙያ ሳያማክር አይጀምራቸው።

የማስታገሻው ጉዳይ ግን ከኩላሊት ጋር ነው። ኩላሊት የራሱን ደም ሥሮች ክፍት አድርጎ ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ የሚረዳው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር አለ። ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲንና ኢንዶሜታሲን ሕመምን የሚያስታግሡት ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ስለዚህ የሰውየው የጉልበት ሕመም ሲቀል ኩላሊቱ ጨው መያዝ ይጀምራል፣ ግፊትም ይወጣል። በዚያ ላይ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች የሚሠሩት በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ኃይላቸው ይዳከማል። አምሎዲፒን የተባለው ሌላው የግፊት መድኃኒት በቀጥታ የደም ሥሩን ግድግዳ ስለሚያላላ የሚነካው በጥቂቱ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ከእነዚህ ማስታገሻዎች አንዱ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። በተለይ አረጋዊ ሰው ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው ወይም ውሃ ሲያንሰው ኩላሊቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል።

ከመሐል ሜዳ ልጃቸው ዘንድ መጥተው የነበሩ አንዲት እናት የመድኃኒት ማዘዣ ይዘው መጡ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። በፊተኛው ቀጠሮ ግፊታቸው 136/82 የነበረው አሁን 164/96 ስለሆነ አምሎዲፒን ተጨምሮላቸዋል።

«እማማ፣ ከእነዚህ ሌላ የሚወስዱት አለ?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ። ጉንፋን ስለያዘኝ ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝን ነው የምውጠው።»

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያወጡት የጉንፋን ኪኒን ጀርባው ላይ ሲነበብ ኢቡፕሮፌን 200 ሚሊግራምና ሱዶኤፌድሪን 30 ሚሊግራም ይላል። አብራው የወጣችው ትንሽ ወረቀት ውስጥ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠች የኪኒን ልጣጭ ነበረች። ስሙ ከመሐል ተቆርጦ «ክሎፌናክ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። «ይቺማ የጉልበቴ ናት፤ መድኃኒት አይደለችም፣ ማስታገሻ ናት» አሉኝ። ሳያውቁት የአንድ ወገን ሁለት መድኃኒት ደርበው፣ በላዩም ደም ሥር የሚያጠብ ጨምረው ይወስዱ ነበር።

ያዘዘላቸውን ባለሙያ ደውዬ አገኘሁት። አምሎዲፒኑ ለጊዜው ሳይጀመር እንዲቆይ፣ ሁለቱ ማስታገሻዎች እንዲቆሙ፣ የኩላሊት ምርመራም እንዲደረግ ተስማማን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሲለኩ 140/84 ሆነ። የኩላሊት ውጤታቸውም ደህና ነበር። አምሎዲፒኑ ዝም ብሎ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ ለእብጠቱም ሌላ ኪኒን ይታዘዝ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በአንድ ሰው ስህተት አይደለም፤ አሠራራችን የፈጠረው ነው። እኛ መድኃኒት ቤቶች ልጣጩን ስንቆርጥ ስሙን አብረን እንቆርጣለን። ስሙንና መጠኑን ወረቀቱ ላይ በአማርኛ ሳንጽፍ መስጠት መቅረት አለበት። በጤና ጣቢያ በኩል ደግሞ «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ እናታችን እንዳሉት ማስታገሻ መድኃኒት አይባልም። «ለራስ ምታት፣ ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለጉንፋን የሚውጡት አለ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሰልፉ ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን መጠየቅ አዲስ ማዘዣ ከመጻፍ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

የጉልበት ሕመሙ እውነተኛ ስለሆነ «አትውሰዱ» ብሎ መሸኘት ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። የዳይክሎፌናክ ቅባት ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ጉልበት ላይ መቀባቱን ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይቻላል። ፓራሲታሞል ለጉንፋን ትኩሳትና ለራስ ምታት ይበቃል። ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ በስድስት ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። ለአረጋዊና ክብደቱ ለቀነሰ ሰው ከዚያም ማነስ አለበት። እሱም ቢሆን ለጥቂት ቀን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ይፋ በሆነ ጥናት፣ ግፊት ያለባቸው ሰዎች በየቀኑ 4 ግራም ለሁለት ሳምንት ሲወስዱ የላይኛው ቁጥር 5 ገደማ ጨምሯል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ዓይነት ግን ተዉት፤ ብዙ ሶዲየም አለበት፤ በቀን ጥቂት ፍሬ ከተወሰደ ለግፊት ሕመምተኛ ከሚፈቀደው የቀን ጨው ሊያልፍ ይችላል።

ለአፍንጫው አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፣ ከዚያ በየቀዳዳው ጥቂት ጠብታ ማድረግ ነው። በቀን ደጋግሞ ማድረግ ይቻላል፤ ውሃው ግን በየቀኑ አዲስ ይሁን።

ለልብ ወይም ለስትሮክ በሐኪም የታዘዘች ትንሿ አስፕሪን ከእነዚህ ማስታገሻዎች ጋር ተቆጥራ በራስ ውሳኔ አትቆምም። ማስታገሻ ሲወስድ ሰንብቶ ሽንቱ የቀነሰ፣ እግሩ ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ይመርመር። ግፊቱ 180/120 ደርሶ ደረቱን የሚያመው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ዓይኑ የሚደበዝዝበት ወይም አንድ ጎኑ የከዳው ሰው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ፤ ሲሄድም የወሰደውን ኪኒን ሁሉ ከነልጣጩ ይያዝ።